ባለ ሦስት እጥፍ ብሮሸር፦ ሲታጠፍ ቅደም ተከተሉ እንዳይዛባ ክፍሎቹን እንዴት እናቅድ?

ስክሪን ላይ ሲታይ ምንም ያልጎደለው ብሮሸር ታትሞ ሲታጠፍ ጉድ ይፈላል። ሽፋኑ ውስጥ ገብቶ ይቀራል። ስልክ ቁጥሩ እጥፋቱ ላይ ይወድቃል። የውስጡ ጽሑፍ ተዘቅዝቆ ይወጣል። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የዲዛይን ችሎታ ማነስ አይደለም። ክፍሎቹ ስክሪን ላይ ከግራ ወደ ቀኝ የሚሰለፉበት ተራ እና አንባቢው እጅ ላይ የሚገለጡበት ተራ የተለያዩ ስለሆኑ ነው። ስለዚህ እዚህ የምንጀምረው ከኮምፒውተር ሳይሆን ከባዶ ወረቀት ነው።

## ይህ መመሪያ የሚሠራው ለየትኛው እጥፍ ነው?

አንድ ኤ4 ወረቀት በአግድሙ ይዛችሁ ሁለት ቦታ ስታጥፉት በአንድ በኩል 3፣ በሁለቱም በኩል 6 ክፍል ይወጣዋል። አንዱ ጫፍ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሌላኛው ከላዩ ይዘጋል። ባንክ፣ ክሊኒክና ኮሌጅ በር ላይ የምታገኙት ብሮሸር አብዛኛው ይኸው ነው። እንደ አኮርዲዮን አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ የሚታጠፍ ሌላ ዓይነት አለ። የእሱ ሦስት ክፍሎች እኩል ናቸው፣ የሚነበብበት ተራም ሌላ ነው። ከታች ያሉትን ልኬቶች ለእሱ አትጠቀሙ።

## ከመጀመራችሁ በፊት

እነዚህን አሰናዱ፦

- ሦስት ወይም አራት ባዶ ኤ4 ወረቀት፣ እርሳስ፣ ማስመሪያ
- የሚገባው ጽሑፍ በሙሉ፣ በአንድ ፋይል ተጽፎና ታርሞ ያለቀ
- የማተሚያ ቤቱ መልስ ለሦስት ጥያቄ፦ ወረቀቱ ስንት ግራም ነው? እጥፉ በማሽን ነው በእጅ? ታጣፊው ክፍል ከሌሎቹ በስንት ሚሊሜትር ይጥበብ?

የመጨረሻውን ጥያቄ አትዝለሉ። እኔ ከዚህ በታች በ3 ሚሊሜትር ነው የምሠራው፣ ለተለመደው ወረቀት በቂ ነው። ማተሚያ ቤቱ 2 ካላችሁ ግን የእነሱን ያዙ፤ ማሽኑን የሚያውቁት እነሱ ናቸው።

ጽሑፉ ሳያልቅ ዲዛይን መጀመር ትልቁ የጊዜ ብክነት ነው። አንድ አንቀጽ ሲጨመር ከአንዱ ክፍል ወደ ቀጣዩ ይፈስና ያቀዳችሁት ሁሉ ይፈርሳል።

## ደረጃ 1፦ ዱሚውን እጠፉ

1. አንድ ባዶ ወረቀት ጠረጴዛ ላይ በአግድም አስቀምጡ። ዱሚ የምንለው ይህን የሙከራ ወረቀት ነው። አሁን ወደ ላይ የሚያያችሁ የውስጥ ፊቱ ነው።
2. የቀኙን ሲሶ ወደ ግራ እጠፉት። ይህ ታጣፊው ክፍል ነው።
3. የግራውን ሲሶ ከላዩ ወደ ቀኝ እጠፉት። አሁን ከላይ የቀረው ሽፋኑ ነው። የታጠፈው ጎን በግራ፣ የሚከፈተው በቀኝ መሆኑን አረጋግጡ፤ ልክ እንደ አማርኛ መጽሐፍ።
4. ሳትዘረጉት እርሳስ አንሱና ከላይ «ሽፋን» ብላችሁ ጻፉ። ገልብጡትና «ጀርባ» በሉት።
5. ሽፋኑን ግለጡ። በግራ በኩል ያለው የሽፋኑ ውስጥ ነው፣ «ውስጥ ግራ» በሉት። በቀኝ ያለው ታጥፎ የገባው ክፍል ነው፣ «ታጣፊ» በሉት።
6. ታጣፊውን ወደ ቀኝ ግለጡ። አዲስ የታዩት ሁለቱ «ውስጥ መሃል» እና «ውስጥ ቀኝ» ናቸው።
7. አሁን ሙሉ በሙሉ ዘርጉትና የውጭ ፊቱን ወደ ላይ አዙሩ።

ከግራ ወደ ቀኝ ምን ታነባላችሁ? ታጣፊ፣ ጀርባ፣ ሽፋን። ሽፋኑ መጨረሻ ላይ፣ በቀኝ ጥግ ነው ያለው! ብዙ ሰው የመጀመሪያው ገጽ ግራ ጥግ ላይ ሽፋኑን የሚያስቀምጠው ይህን ወረቀት ስላላጠፈ ብቻ ነው። የውስጥ ፊቱ ግን እንደምትጠብቁት ነው፦ ውስጥ ግራ፣ ውስጥ መሃል፣ ውስጥ ቀኝ።

ሌላም ነገር ተመልከቱ። እያንዳንዱ ክፍል ከኋላው ሌላ ክፍል አለ። የሽፋኑ ኋላ ውስጥ ግራ ነው። የጀርባው ኋላ ውስጥ መሃል ነው። የታጣፊው ኋላ ውስጥ ቀኝ ነው። ይህን ዱሚው ላይ ጻፉት፣ ደረጃ 3 ላይ ይፈለጋል።

ማስጠንቀቂያ፦ ብሮሸሩ በዕብራይስጥ ወይም በዐረብኛ ከሆነ ሁሉም ነገር በመስታወት እንደሚታይ ይገለበጣል። እስራኤል ወይም ባሕረ ሰላጤው አገሮች ያላችሁ፣ ለማኅበር ወይም ለሱቅ ብሮሸር ስትሠሩ ልብ በሉ። በቅድሚያ የሚታጠፈው የግራው ሲሶ ነው፤ የውጭ ፊቱም ከግራ ሽፋን፣ ጀርባ፣ ታጣፊ ይሆናል። የአማርኛውን ፋይል ከፍታችሁ ጽሑፉን ብቻ ከተካችሁ ብሮሸሩ ከኋላው የሚከፈት ይሆናል።

## ደረጃ 2፦ አንባቢው የሚያያቸውን ትዕይንቶች ቁጠሩ

አንባቢ ስድስቱን ክፍሎች አንድ በአንድ አያይም። በአራት ትዕይንት ነው የሚያያቸው፦

1. ሽፋኑ ብቻውን።
2. ሽፋኑ ሲገለጥ፦ ውስጥ ግራና ታጣፊው ጎን ለጎን።
3. ታጣፊው ሲገለጥ፦ የውስጡ ሦስት ክፍሎች በአንድነት።
4. ብሮሸሩ ሲገለበጥ፦ ጀርባው።

አራተኛው ቦታው ቋሚ አይደለም። አንዳንዱ ሰው ሽፋኑን እንዳየ ገልብጦ አድራሻውን ያያል፣ አንዳንዱ መጨረሻ ላይ ነው። ስለዚህ ጀርባው ላይ የሚቀመጠው ነገር ከሌላው ጋር ያልተያያዘ፣ ብቻውን የሚነበብ መሆን አለበት።

ሁለተኛውን ትዕይንት ደግሞ ስክሪን ላይ በጭራሽ አታዩትም። ውስጥ ግራ የፋይሉ ገጽ 2 ላይ ነው፣ ታጣፊው ገጽ 1 ላይ። እጅ ላይ ግን ጎረቤታሞች ናቸው። ብሮሸር ሲነበብ የሚምታታው በአብዛኛው እዚህ ጋ ነው፣ ቀጣዩም ደረጃ የተራዘመው ለዚሁ ነው።

## ደረጃ 3፦ ጽሑፉን ለክፍሎቹ ደልድሉ

በምሳሌ እንሂድ። የሰፈር የጥርስ ክሊኒክ ብሮሸር ልትሠሩ ነው እንበል። ባለቤቷ ያመጣችው ይህ ነው፦ የክሊኒኩ ስም፣ አንድ ፎቶ፣ የ8 አገልግሎቶች ዝርዝር፣ ዋጋ፣ ሰው መቼ መታየት እንዳለበት የሚናገሩ ምልክቶች፣ የመጀመሪያ ቀን ምርመራው እንዴት እንደሚሄድ፣ ጥርስ ከተነቀለ በኋላ የሚደረግ ጥንቃቄ፣ አድራሻ፣ ስልክና የሥራ ሰዓት።

### መጀመሪያ የሚመጣው ድልድል እና የሚሳሳትበት ቦታ

ብዙ ሰው የሚያደርገው እንዲህ ነው። «አገልግሎቶቻችን» የሚለውን ርዕስ ውስጥ ግራ ላይ ያስቀምጣል፣ ከ1 እስከ 4 ይዘረዝራል። ከ5 እስከ 8 ያለውን ውስጥ መሃል ላይ ይቀጥላል። ታጣፊው ላይ ቦታ ስለተረፈ ከነቀላ በኋላ የሚደረገውን ጥንቃቄ ይከትበታል። ስክሪን ላይ ምንም አይልም።

አሁን እጠፉትና ሽፋኑን ግለጡ። በግራ «4. የጥርስ እጥበት» ይላል። ዓይን ወደ ቀኝ ይሄዳል። እዚያ የሚያገኘው 5ኛውን አገልግሎት ሳይሆን «ፋሻውን 30 ደቂቃ ነክሰው ይያዙ» የሚል ነው። የጥርስ እጥበት ሊጠይቅ የመጣ ሰው እጥበት ያደማል እንዴ ብሎ ይደነግጣል። ቀሪዎቹ አራት አገልግሎቶች ደግሞ ታጣፊው ሥር ተደብቀዋል።

ከዚህ ሁለት ሕግ ያዙ። አንደኛ፣ ውስጥ ግራ የተጀመረ ጽሑፍ እዚያው ይለቅ። ሁለተኛ፣ ታጣፊውና ውስጥ ግራ አብረው ሲነበቡ ትርጉም ይስጡ።

### የተስተካከለው ድልድል

ሽፋን። የክሊኒኩ ስም፣ ፎቶው፣ እና አንድ መስመር፦ «የጥርስ ሕክምና ለልጆችና ለአዋቂዎች»። ሌላ ምንም። ስሙ ከላይ ካለው ሲሶ ላይ ይሁን። ብሮሸር መደርደሪያ ውስጥ ሲቀመጥ የታችኛው ክፍል ይሸፈናል፣ ከታች የተጻፈ ስም ማንም አያየውም።

ታጣፊ። «ከእነዚህ ምልክቶች አንዱ አለብዎት?» በሚል ርዕስ፦ ሲቦርሹ ድድ መድማት፣ ቀዝቃዛ ወይም ጣፋጭ ሲነካው መጠዝጠዝ፣ የሚነቃነቅ ጥርስ፣ እብጠት። ታጣፊው ሽፋኑ እንደተገለጠ በቀኝ በኩል ስለሚመጣ ዓይን ቶሎ ያርፍበታል። ለጥያቄ የሚሆን ቦታ ነው።

ውስጥ ግራ። «የመጀመሪያ ቀን ምን ይደረጋል?» ካርድ ማውጣት፣ ምርመራ፣ አስፈላጊ ከሆነ ራጅ፣ ከዚያ ሐኪሟ ያሉትን አማራጮች ከነዋጋቸው ትነግርዎታለች። አሁን ሽፋኑን ሲገልጥ አንባቢው በአንድ በኩል ምልክቱን፣ በሌላው በኩል ቢመጣ የሚገጥመውን ያያል። የትኛውንም ቀድሞ ቢያነብ አይምታታም።

ውስጥ መሃል። 8ቱ አገልግሎቶች በሙሉ፣ ሳይቆራረጡ። ብሮሸሩ ሲዘረጋ መሃል ላይ የሚውለው ይህ ስለሆነ ዋናው ነገር እዚህ ይሁን። ከ«የመጀመሪያ ቀን» ቀጥሎ ሲመጣም ወጉን ይጠብቃል።

ውስጥ ቀኝ። «ጥርስ ከተነቀለ በኋላ»፦ ፋሻውን ነክሶ መያዝ፣ በዕለቱ ትኩስ ነገር አለመጠጣት፣ ለ24 ሰዓት አለመጉመጥመጥና አለማጨስ፣ ደሙ አልቆም ካለ መደወል። ይህ ታካሚው ቤት ወስዶ ደጋግሞ የሚያየው ክፍል ነው። ቆርጦ ግድግዳ ላይ ሊለጥፈውም ይችላል። ቢቆርጠው አብሮ የሚሄደው ታጣፊው፣ ማለትም የምልክቶቹ ዝርዝር ነው። ታካሚው አንዴ ከታከመ አይጎዳውም። ይህንኑ ጽሑፍ ውስጥ መሃል ላይ አድርገነው ቢሆን ኖሮ ጀርባው፣ ማለትም አድራሻው አብሮ ይቆረጥ ነበር። ለጥንቃቄ ስልክ ቁጥሩን ከዚህ ክፍል ግርጌ ድገሙት።

ይህ ነገር ለኩፖን፣ ለመመዝገቢያ ቅጽ፣ ለማንኛውም የሚቆረጥ ነገር ይሠራል። ከመወሰናችሁ በፊት ዱሚውን ገልብጣችሁ ከኋላው ምን እንዳለ እዩ።

ጀርባ። አድራሻ፣ ስልክ፣ የሥራ ሰዓት፣ ትንሽ ካርታ። አድራሻውን ሰው በሚያውቀው ምልክት ጻፉት፦ ከየትኛው አደባባይ፣ ከየትኛው ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ስንተኛ ፎቅ። ሰዓቱን «ከጠዋቱ 2፡30 እስከ ምሽቱ 12፡00» ብላችሁ በግልጽ አስቀምጡ። ብሮሸሩ የውጭ አገር ሰው እጅ የሚገባ ከሆነ በእነሱ አቆጣጠር 8:30 – 18:00 መሆኑን ከሥሩ ጨምሩ። አለበለዚያ ሌሊት 8፡30 ነው ብሎ ባያስብም ግራ መጋባቱ አይቀርም።

ዋጋውስ? እኔ ብሮሸር ላይ ዋጋ አላትምም። ዋጋ ሲቀየር የተረፈው ሁሉ ይጣላል። በተራ ወረቀት ለብቻው አትማችሁ ውስጡ ክተቱት። ታጣፊው ኪስ ስለሚሠራ አይወድቅም።

### ጽሑፉ ካልበቃው

እያንዳንዱ ክፍል ምን ያህል እንደሚይዝ አስቀድማችሁ ገምቱ። በ10 ነጥብ ፊደል አንድ መስመር ስድስት ሰባት የአማርኛ ቃል ይይዛል። ርዕስና ትንሽ ትንፋሽ ሲጨመርበት ከ100 እስከ 120 ቃል ለአንድ ክፍል ይበቃል። ከዚያ ካለፈ ፊደሉን አታሳንሱ፣ ጽሑፉን ቁረጡ። የአማርኛ ፊደል ከ9 ነጥብ በታች ሲሆን ጸ እና ጻ መለየት ለትልልቅ ሰዎች ፈተና ነው።

## ደረጃ 4፦ ልኬቱን አስሉ

ኤ4 በአግድሙ 297 ሚሊሜትር ነው። ለ3 እኩል ብታካፍሉት 99፣ 99፣ 99 ይሆናል። አታካፍሉት። ታጣፊው ውስጥ የሚገባ ስለሆነ እኩል ከሆነ የእጥፋቱን ሥር ይገፋዋል፤ ወይ ጫፉ ይጨማደዳል፣ ወይ ብሮሸሩ አፉን ከፍቶ ይቀራል። ስለዚህ፦

- ገጽ 1፣ ውጭ፦ ታጣፊ 97፣ ጀርባ 100፣ ሽፋን 100። እጥፋቶቹ ከግራ ጠርዝ 97 እና 197 ላይ ናቸው።
- ገጽ 2፣ ውስጥ፦ ውስጥ ግራ 100፣ ውስጥ መሃል 100፣ ውስጥ ቀኝ 97። እጥፋቶቹ 100 እና 200 ላይ ናቸው።

ሁለቱ ገጾች የመስታወት ምስል መሆናቸውን ልብ በሉ። የገጽ 1ን መስመሮች ሳይገለብጡ ገጽ 2 ላይ መለጠፍ በጣም የተለመደ ስህተት ነው። 97 ሚሊሜትሩ ሁልጊዜ ገጽ 1 ላይ በግራ፣ ገጽ 2 ላይ በቀኝ ነው።

ከየጠርዙና ከየእጥፋቱ 8 ሚሊሜትር ተዉ። በዚህ ስሌት የጽሑፍ ስፋት ለሰፊዎቹ 84፣ ለጠባቦቹ 81 ይሆናል። በሁለት ጎረቤት ክፍሎች ጽሑፍ መካከል 16 ሚሊሜትር ይኖራል፣ እጥፋቱም በትክክል መሃሉ ላይ ይወድቃል።

ሽፋኑ ላይ ስሙን መሃል ስታደርጉ ከገጹ ጋር ሳይሆን ከክፍሉ ጋር አመሳክሩ። የሽፋኑ መሃል ከግራ ጠርዝ 247 ሚሊሜትር ላይ ነው፣ የጀርባው 147፣ የታጣፊው 48.5።

ቀለም ወይም ፎቶ እስከ ጠርዙ የሚደርስ ከሆነ በአራቱም በኩል 3 ሚሊሜትር ብሊድ፣ ማለትም ከሚቆረጠው ጠርዝ አልፎ የሚወጣ ትርፍ ቀለም ጨምሩ። ፋይሉ 303 በ216 ይሆናል። የእጥፋቶቹ ቁጥር ግን ከሚቆረጠው ጠርዝ እንጂ ከብሊዱ ጠርዝ አይቆጠርም። እዚህ ላይ ሲሳሳቱ እጥፋቱ በ3 ሚሊሜትር ይንሸራተታል።

ማስጠንቀቂያ፦ የቀለም ድንበር እጥፋቱ ላይ አታድርጉ። ማጠፊያ ማሽን አንድ ሚሊሜትር ያህል ወዲህ ወዲያ ማለቱ አይቀርም። ሽፋኑ ጥቁር አረንጓዴ፣ ጀርባው ነጭ ከሆነ ጀርባው ጠርዝ ላይ ቀጭን አረንጓዴ ክር ይታያል። ሁለቱንም በአንድ ቀለም ብታስኬዷቸው ማሽኑ ቢንሸራተትም ማንም አያውቅም።

## ደረጃ 5፦ ፋይሉን አዘጋጁ

1. ሁለት ገጽ ያለው አግድም ኤ4 ክፈቱ። ገጽ 1ን «ውጭ»፣ ገጽ 2ን «ውስጥ» በሉ።
2. የደረጃ 4ን መስመሮች እንደ መመሪያ መስመር አስገቡ። የማይታተሙ መሆናቸውን አረጋግጡ። የሚታተም ቀጭን መስመር እጥፋቱ ላይ ከሳላችሁ ማሽኑ በትንሹም ቢስት ያሳጣችኋል።
3. ለእያንዳንዱ ክፍል የየራሱን የጽሑፍ ሳጥን ክፈቱ። ሳጥኖቹን አታያይዟቸው። ጽሑፉ ሲሞላ ወደ ጎረቤት እንዲፈስ አይፈለግም፤ ሞላ ብሎ እንዲያሳያችሁ ነው የሚፈለገው።
4. ጽሑፉን ወደ ግራ አሰልፉ። በሁለቱም ጎን እኩል ስታደርጉት ረጃጅሞቹ የአማርኛ ቃላት በጠባብ ክፍል ውስጥ በመሃላቸው ትልልቅ ቀዳዳ ይፈጥራሉ።
5. ለ10 ነጥብ ፊደል የመስመር ርቀቱን 15 ነጥብ አካባቢ አድርጉ። የግዕዝ ፊደል ቁመቱ ሙሉ ስለሆነ ጠባብ መስመር ላይ ይተፋፈጋል።

በማይክሮሶፍት ወርድ የምትሠሩ ከሆነ የግራና የቀኝ ኅዳጉን 0.8 ሴንቲሜትር አድርጉ። ከዚያ Layout፣ Columns፣ More Columns ግቡና Equal column width የሚለውን ምልክት አንሱ። ለገጽ 1 ስፋቶቹን 8.1፣ 8.4፣ 8.4 ሴንቲሜትር፣ መሃላቸውን 1.6 ስጡ። ገጽ 2 ተራው ተገልብጦ 8.4፣ 8.4፣ 8.1 ነው። ገጾቹ የተለያየ ልኬት እንዲይዙ በመካከላቸው Next Page የሚለውን የሴክሽን መለያ አስገቡ። ወርድ ላይ ጽሑፉ ከዓምድ ወደ ዓምድ ስለሚፈስ በየክፍሉ መጨረሻ Column መለያ አድርጉ፣ ካረማችሁ በኋላም ሁሉንም እንደገና እዩ። ወርድ ብሊድ ስለማይሠራ ቀለሙን እስከ ጠርዝ አትውሰዱ።

## ደረጃ 6፦ እናንተው ጋ አትማችሁ እጠፉ

1. ፒዲኤፉን ክፈቱና መጠኑን Actual size ላይ አድርጉ። Fit ላይ ከተወ ገጹ ይጠባል፣ እጥፋቶቹም ቦታቸውን ይስታሉ።
2. በሁለቱም ፊት ማተምን ምረጡ፣ ከዚያ Flip on short edge። አግድም ወረቀት እንደ መጽሐፍ ገጽ የሚገለበጠው በአጭሩ ጠርዝ ነው።
3. በደረጃ 1 እንዳደረጋችሁት እጠፉ፦ መጀመሪያ የቀኙ፣ ቀጥሎ የግራው።
4. ከዱሚው ጋር ጎን ለጎን አድርጋችሁ በአራቱ ትዕይንት ተራ ግለጡት።
5. ወረቀቱን ወደ መብራት አንሱ። የውጭና የውስጥ እጥፋቶች መስመር ይገናኛሉ? ታጣፊውና ውስጥ ቀኝ ተደራርበዋል?

ከዚያ ስለ ሥራው ምንም ለማያውቅ ሰው ስጡት። ዝም ብላችሁ እጁን እዩ። የት ጋ ቆመ? ምን ፈልጎ ገለበጠ? «ይሄ ከዚህ ነው የሚቀጥለው?» ካለ ውስጥ ግራና ታጣፊውን እንደገና አንብቡ። አታስረዱት፤ ብሮሸሩን የሚያነበው ሰው ጋ እናንተ አትገኙም።

## ደረጃ 7፦ ለማተሚያ ቤት ስጡ

ፒዲኤፉን ፊደሎቹን አቅፎ እንዲወጣ አድርጉ። ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ የእናንተ የአማርኛ ፊደል ከሌለ ጽሑፉ ባዶ ሳጥን ይሆናል ወይም በሌላ ፊደል ተተክቶ መስመሩ ይዛባል። ስለዚህ የወርድ ፋይል አትስጡ።

ያጠፋችሁትን ናሙና ከፋይሉ ጋር በእጅ ስጡ። ላዩ ላይ «ታጣፊው 97 ሚሜ፣ መጀመሪያ ይታጠፋል» ብላችሁ ጻፉ። አጣፊው ባለሙያ ፋይሉን አያይም፣ የሚያየው የቀረበለትን ወረቀት ነው። ተሳስቶ መጀመሪያ ሽፋኑን ካጠፈ ታጣፊው ከላይ ይሆናል፣ ሽፋኑም ይደበቃል።

ወረቀቱ ከ170 ግራም ገደማ በላይ ከሆነ ከመታጠፉ በፊት ክሪዚንግ እንዲደረግለት፣ ማለትም የእጥፋቱ መስመር ቀድሞ በማሽን ተጭኖ እንዲሰረጉድ ጠይቁ። ወፍራም ወረቀት እንዲሁ ሲታጠፍ ይሰነጠቃል፣ ጥቁር ቀለም ካለበት ደግሞ ነጭ ስንጥቁ ቁልጭ ብሎ ይታያል። 130 ወይም 150 ግራም አርት ፔፐር ለብሮሸር ይበቃል። የቀጠሮ ቀን በእስክሪብቶ የሚሞላበት ቦታ ካላችሁ የሚያብለጨልጭ ወረቀት አትምረጡ፣ ቀለሙ አይይዝም፣ ይጨማለቃል።

ሙሉውን ከማተማቸው በፊት አንድ ታጥፎ ያለቀ ናሙና በእጃችሁ ተቀበሉ። ስክሪን ላይ ወይም በቴሌግራም በተላከ ፎቶ አታጽድቁ፣ እጥፋት በፎቶ አይታይም።

## አንድ ነገር ሲበላሽ

ውስጡ ተዘቅዝቆ ወጣ። ህትመቱ Flip on long edge ላይ ነበር። ፋይሉን አትንኩ፣ ቅንብሩን ብቻ ቀይሩ። ፋይሉ ላይ ገጽ 2ን ገልብጣችሁ «ካስተካከላችሁት» ማተሚያ ቤት ሲደርስ እንደገና ይዘቀዘቃል።

ታጣፊው ይጨማደዳል ወይም ብሮሸሩ አይዘጋም። ታጣፊው ሰፍቷል። በማስመሪያ ለኩት። 97 ሆኖ ከተጨማደደ ወረቀቱ ወፍራም ነውና አንድ ሚሊሜትር ቀንሱና ከጀርባው ወይም ከሽፋኑ ጋር እንደገና አካፍሉ። ለምሳሌ 96፣ 100፣ 101። ገጽ 2ም ተገልብጦ 101፣ 100፣ 96 ይሁን።

ጽሑፉ ወደ እጥፋቱ ተጠጋ፣ ግን በአንድ ፊት ብቻ። የገጽ 1ን መስመሮች ገጽ 2 ላይ ሳትገለብጡ ተጠቅማችኋል። ሳጥኖቹን ወደ 100 እና 200 አስተካክሉ።

በሁለቱም ፊት በአንድ አቅጣጫ ተንሸራተተ። ማተሚያው ወረቀቱን አንሸራቶታል ወይም Fit ላይ ነበር። በ100 ፐርሰንት እንደገና ሞክሩ። የቢሮ ማተሚያ አንድ ሁለት ሚሊሜትር ቢስት አትጨነቁ፣ 8 ሚሊሜትሩ የተተወው ለዚህ ነው።

ሁሉም ታትሞ አልቆ ሽፋኑ ግራ ጥግ ላይ መሆኑ ታየ። እጥፉን ከማስጀመራችሁ በፊት ከሆነ የደረሳችሁት፣ በተቃራኒው አቅጣጫ ማጠፍ ይቻል እንደሆነ አንድ ወረቀት ላይ ሞክሩ። ሽፋኑ ከላይ ይሆናል፣ ግን እንደ ዐረብኛ መጽሐፍ ከግራ ይከፈታል፣ ውስጥ የሚገባውም የቀኙ ጥግ ይሆናል። ክፍሎቹ በ97፣ 100፣ 100 ተሠርተው ከሆነ ደግሞ የሚገባው ክፍል 100፣ የሚሸፍነው 97 ስለሚሆን አይዘጋም። 99 እኩል ከሆኑና የውስጡ ሦስት ክፍል በአንድነት የሚነበብ ካርታ ወይም ሠንጠረዥ ብቻ ከሆነ ሊያልፍ ይችላል። በተራ የሚነበብ ጽሑፍ ካለው ግን ገጽ 1 ተስተካክሎ እንደገና መታተም አለበት።